የራሺድ ድንጋይና የቅዳሴ ቋንቋ

በጁላይ 1799 የናፖሊዮን ወታደሮች በግብጽ፣ አባይ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ከሚገባበት አካባቢ በምትገኘው በራሺድ ከተማ አጠገብ አንድ ያረጀ ምሽግ ይጠግኑ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጠላት በየትኛውም ቀን ከባሕር ሊመጣ ስለሚችል ሥራው ጥድፊያ የበዛበት ነበር። ከፈራረሰው ግንብ መካከል ሌሎቹን የማይመስል ጥቁር ድንጋይ ወጣ። አንደኛው ፊቱ ለስልሶ፣ ከላይ እስከ ታች በደቃቅ ጽሑፍ ተሞልቷል። የጥገናው ኃላፊ፣ መሐንዲሱ ሌተና ፒየር ፍራንስዋ ቡሻር፣ ጽሑፉ ሦስት ዓይነት መሆኑንና የታችኛው ግሪክኛ መሆኑን ልብ አለ። ድንጋዩን መልሶ ግንቡ ውስጥ ቢከተው የሚጠይቀው አልነበረም። ከእሱ በፊት ምሽጉን የሠራው ግንበኛ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለእሱ ጠንካራ ድንጋይ ነበረ፣ አበቃ።

ድንጋዩ 112 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት፣ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ 760 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሙሉ ግን አይደለም። የላይኛው ክፍሉ ተሰብሮ ጠፍቷል፤ የጠፋው ደግሞ ሁሉም ሊያነበው የጓጓለት ክፍል ነው። ከላይ የነበረው ጽሑፍ ሂሮግሊፍ፣ ማለትም የወፍ፣ የአንበሳ፣ የእጅና የዓይን ሥዕል የሞላበት የጥንት ግብጻውያን ጽሕፈት ነበር። ከእሱ የቀሩት 14 መስመሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱም መስመር ሙሉ አይደለም። መካከል ላይ 32 መስመር ተጣድፎ የተጻፈ የሚመስል ቅጥልጥል ጽሑፍ አለ፤ ዲሞቲክ ይባላል። ከታች 54 መስመር ግሪክኛ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ግብጽ ላይ አሸነፉና ድንጋዩን በውል ተረከቡ። ከ1802 ጀምሮ የሚገኘው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። በጎኑ ላይ የእንግሊዝ ጦር በ1801 ከግብጽ እንደማረከው በቀለም ጽፈውበታል፤ እንዲህ ሆኖ ድንጋዩ አራተኛ ጽሑፍ አገኘ። ደግነቱ ፈረንሳዮቹ ከመነጠቃቸው በፊት ካይሮ ላይ ቀለም ቀብተው በወረቀት አትመውት ነበርና ቅጂው በአውሮፓ ከተሞች ተሰራጨ።

ግሪክኛውን ለማንበብ የተቸገረ አልነበረም። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 196 ነው። ግብጽን የሚገዛው ከታላቁ እስክንድር ጄኔራሎች የአንዱ ዘር፣ አምስተኛው ፕቶሌማዮስ፣ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነው። የግብጽ ካህናት ሜምፊስ ላይ ተሰብስበው አዋጅ ያወጣሉ። ንጉሡ ለቤተ መቅደሶች ገንዘብና እህል ሰጥቷል፤ ግብር ቀንሷል፤ ካህናቱንም በየዓመቱ ወደ እስክንድርያ በመርከብ ከመመላለስ ግዴታ ነጻ አውጥቷቸዋል። እነሱም በአጸፋው በየቤተ መቅደሱ ሐውልቱን ሊያቆሙለት፣ የልደቱንና የነገሠበትን ቀን ሊያከብሩለት ይስማማሉ። እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ዓለም ምሥጢር ይዟል ብሎ ሃያ ዓመት ያፈጠጠበት ድንጋይ ነገሩ የግብር ምሕረትና የምስጋና ቃለ ጉባኤ ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። አዋጁ በጠንካራ ድንጋይ ላይ በተቀደሰው፣ በአገሬውና በግሪክ ጽሕፈት እንዲቀረጽ ካህናቱ ያዝዛሉ። እንግዲያው ሦስቱም ጽሑፎች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ነገር አለ። ድንጋዩ በሦስት ቋንቋ ተጻፈ ይባላል። በትክክል ከተቆጠረ ሦስት ጽሕፈትና ሁለት ቋንቋ ነው። ሂሮግሊፉም ዲሞቲኩም ግብጽኛ ናቸው፤ አንደኛው የቤተ መቅደስ፣ ሁለተኛው የየቀኑ ጽሕፈት፤ የቋንቋቸውም ዘይቤ አንደኛው የቆየ፣ ሌላው የዘመኑ ነው። ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አክሱም ላይ ያለው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ተጽፎበታል። በሳባ ፊደል የተጻፈውም ቋንቋው በዋናነት ግዕዝ ነው፤ የሳባ ልብስ የለበሰ ግዕዝ በሉት። ሦስት ጽሕፈት፣ ሁለት ቋንቋ፤ ልክ እንደ ራሺዱ። ልዩነቱ ግዕዝን የሚያነብ ሰው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ጠፍቶ አለማወቁ ነው። ሂሮግሊፍን የሚያነብ ግን ከጠፋ አንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት ሞልቶት ነበር። እስከ ዛሬ የተገኘው የመጨረሻው የሂሮግሊፍ ጽሑፍ በ394 ዓ.ም. በደቡብ ግብጽ፣ በፊላይ ደሴት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተጫረ ነው።

ትርጉሙ አጠገቡ ተቀምጦ እያለ ሂሮግሊፉን ለማንበብ ሃያ ሦስት ዓመት ለምን ፈጀ? አንዱ መልስ የላይኛው ክፍል መሰበር ነው፤ የትኛው የግሪክ ቃል ከየትኛው ሥዕል ጋር እንደሚገጥም በመስመር ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም። ትልቁ እንቅፋት ግን በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነው። ሥዕል ሐሳብ እንጂ ድምፅ አይደለም ተብሎ ይታመን ነበር። ምንጩ በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ሆራፖሎ በሚባል ሰው ስም የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ዝይ ተስሎ ሲገኝ «ልጅ» ማለት ነው ይላል፤ እስከዚህ እውነት ነው። ምክንያቱን ሲሰጥ ግን ዝይ ከእንስሳት ሁሉ አብልጣ ልጆቿን ስለምትወድ ነው ይላል። ጥንቸል «መክፈት» ነው፤ ጥንቸል ዓይኗን ጨፍና ስለማታውቅ። ትርጉሞቹ ከአሮጌ ዕውቀት የተረፉ ትክክለኛ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ምክንያቶቹ ግን ፈጠራ ናቸው። አውሮፓውያን ሊቃውንት የተከተሉት ምክንያቱን ነበር። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አታናሲየስ ኪርሸር የተባለ ዕውቅ መምህር የአንድን ንጉሥ ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጎ፣ ስለ አማልክት ረቂቅ ትምህርት እየጨመረ ይተረጉም ነበር።

ድንጋዩ ሲመጣ ሰዎች መጀመሪያ የሞከሩት ሂሮግሊፉን ሳይሆን ብዙም ያልተጎዳውን መካከለኛውን ጽሑፍ ነው። በ1802 ፈረንሳዊው ሲልቬስትር ደ ሳሲና ስዊድናዊው ዲፕሎማት ዮሃን ዴቪድ አከርብላድ በግሪክኛው ውስጥ የሰው ስም የሚደጋገምበትን ቦታ ለኩ፤ በዲሞቲኩም በተመሳሳይ ርቀት የሚደጋገም ምልክት ፈለጉ። አከርብላድ የነገሥታቱን ስሞችና እንደ «ቤተ መቅደስ» ያሉ ጥቂት ቃላትን ለየ። ከዚያ ግን ተገታ፤ ዲሞቲክ ከዳር እስከ ዳር እንደ ግሪክ ፊደል አንድ ምልክት አንድ ድምፅ ነው ብሎ ደምድሞ ስለነበር የቀረው ሁሉ አልከፈት አለው።

ከዚያ ቶማስ ያንግ መጣ፤ የለንደን ሐኪም፣ ብርሃን እንደ ሞገድ እንደሚሄድ በሙከራ ያሳየ የፊዚክስ ሰው። ያንግ በ1814 ድንጋዩን ይዞ ለዕረፍት ወጣና እንደ ሒሳብ እንቆቅልሽ ያዘው። ብዙዎቹ የዲሞቲክ ምልክቶች ከሂሮግሊፍ እየቀለሉ የመጡ መሆናቸውን አስተዋለ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በሂሮግሊፉ ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ምልክቶች በሞላላ ቀለበት ታጥረዋል፤ የፈረንሳይ ወታደሮች የጥይት ቀለህ ስለመሰላቸው ካርቱሽ ብለው የጠሩት ነው። ቀለበቱ የንጉሥ ስም ይይዛል የሚል ግምት አስቀድሞ ነበር። ያንግ በራሺድ ድንጋይ ላይ ያለውን ቀለበት ከፕቶሌማዮስ ስም ጋር አገጣጥሞ ለጥቂት ምልክቶች ድምፅ ሰጠ፤ በ1819ም አሳተመው። አንዳንዱን አገኘ፣ አንዳንዱን ሳተ። አንበሳውን «ኦሌ» አለው፤ ከፊቱ ያለውን ቋጠሮ የሚመስል ምልክት እንደ ትርፍ ቆጥሮ አለፈው። ከሁሉ የከፋው ግን ድምፅ የሚሰጠው ለባዕዳን ስም ብቻ ነው ብሎ ማመኑ ነው። ለግሪክ ንጉሥ ስም ሥዕሎቹ ድምፅ ሆነው ያገለግላሉ፤ የአገሬው ጽሑፍ ግን ያው ሐሳብ ነው አለና በሩ ደፍ ላይ ቆመ።

ዣን ፍራንስዋ ሻምፖሊዮን በ1790 በደቡብ ፈረንሳይ የተወለደ የመጽሐፍ ነጋዴ ልጅ ነው። በድንጋዩ ላይ ከተከራከሩት ሁሉ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ቅብጥኛ ያውቃል። ቅብጥኛ የግብጽ ክርስቲያኖች ቋንቋ ነው። በግሪክ ፊደልና ከዲሞቲክ በተወሰዱ ጥቂት ተጨማሪ ፊደላት ይጻፋል፤ ከገበያና ከቤት በዓረብኛ ተገፍቶ ወጥቶ በቅዳሴ ውስጥ ቀርቷል። እኛ ግዕዝን የምናውቀው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ሻምፖሊዮን ለትምህርት ፓሪስ ሳለ በሳን ሮክ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ዮሐንስ ሺፍቲሺ የሚባሉ ግብጻዊ ካህን ነበሩ። ቅዳሴያቸውን ሄዶ ይሰማ ነበር፤ አነጋገሩንም ከእሳቸው ቀሰመ። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ከራሱ ጋር በቅብጥኛ እንደሚያወራ ነግሮታል። ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥና ሱርስትም ተምሯል፤ ከተማራቸው መካከል ግዕዝም አለበት።

ይሁንና ሻምፖሊዮንም ለረጅም ጊዜ ተሳስቷል። በ1821 ባሳተመው ጽሑፍ የግብጽ ምልክቶች ነገርን እንጂ ድምፅን አይወክሉም ብሎ ጽፎ ነበር። ሐሳቡን ያስለወጠው የቁጥር ሥራ ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር በድንጋዩ ላይ የቀሩትን የሂሮግሊፍ ምልክቶች አንድ በአንድ ቆጠረ፤ 1,419 ሆኑ። ለእነሱ የሚመጣጠነውን ግሪክኛ ቆጠረ፤ 486 ቃላት። አንድ ሥዕል አንድ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ነበረባቸው። ደግሞም 1,419ኙ ምልክቶች እየተደጋገሙ የሚመጡ እንጂ የተለያዩ አይደሉም፤ ዓይነታቸው 166 ብቻ ነው። ይህ ለሐሳብ በጣም ጥቂት፣ እንደ ግሪክ ላለ ፊደል ደግሞ በጣም ብዙ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ተባዝቶ 231 እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው 166 ምልክት ድምፅ ሊሆን መቻሉ አይደንቀውም፤ ለፈረንሳዊ ግን ይደንቃል።

ግምትን ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው። በተሰበረው ድንጋይ ላይ በቀለበት ውስጥ የቀረው የንጉሥ ስም አንድ ብቻ ነው፤ ፕቶሌማዮስ። አንድ ስም ብቻ ይዞ ማንኛውንም ምልክት ማንኛውም ድምፅ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚቃወም ነገር የለም። ሁለተኛ ስም ያስፈልጋል፤ ያውም ፊደል የሚጋራ። ይህ የመጣው ከሌላ ድንጋይ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ባንክስ ከፊላይ ደሴት አንድ ሐውልት ወደ አገሩ አስመጥቶ ነበር። መሠረቱ ላይ ያለው ግሪክኛ ፕቶሌማዮስንና ክሊዮፓትራን ይጠቅሳል፤ በሐውልቱ አካል ላይ ደግሞ ሁለት ቀለበቶች አሉ። (ይህች ክሊዮፓትራ ዝነኛዋ አይደለችም፤ የስም ቀዳሚዋ ናት።) የሐውልቱ ቅጂ ሻምፖሊዮን እጅ የገባው በጃንዋሪ 1822 ነው።

ሥራውን አብረነው እንሥራው። በፕቶሌማዮስ ቀለበት ውስጥ በተራ የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦ አራት ማዕዘን፣ ግማሽ ክብ፣ ቋጠሮ፣ አንበሳ፣ አንድ ረዘም ያለ ምልክት፣ ሁለት የሸምበቆ ቅጠል፣ የታጠፈ ጨርቅ። ሻምፖሊዮን ፕ፣ ት፣ ኦ፣ ል፣ ም፣ ኢ፣ ስ ብሎ አነበባቸው፤ «ፕቶልሚስ»። ይህ ልክ ከሆነ ክሊዮፓትራ በሚለው ስም ውስጥ ሁለተኛው ምልክት አንበሳ መሆን አለበት። ነው። አራተኛው ቋጠሮ መሆን አለበት። ነው። አምስተኛው አራት ማዕዘኑ ሊሆን ይገባል፤ እሱም ነው። ሌላም ማረጋገጫ አለ፤ በስሙ ውስጥ «አ» ሁለት ጊዜ፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ቦታ፣ መምጣት አለበት። በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ወፍ፣ ንስር የሚመስል፣ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው የቀረው ምልክት እንግዲህ «ክ»፣ አፍ የሚመስለው ደግሞ «ር» ይሆናል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተሰናከለ። ሰባተኛው «ት» ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ክቡ መምጣት ነበረበት። የመጣው የሰው እጅ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ሐሳቡ ሁሉ ፈረሰ ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። ሻምፖሊዮን ግን አንድ ድምፅ ከአንድ በላይ ምልክት ሊኖረው ይችላል ብሎ ቀጠለ። በግሪክና በላቲን ፊደል ለለመደ ሰው ይህ ሽሽት ይመስላል። «ሰ»ንና «ሠ»ን፣ «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ይዞ ላደገ አማርኛ አንባቢ ግን ተራ ነገር ነው። ግማሽ ክቡም ቢሆን አልጠፋም፤ በስሙ መጨረሻ ላይ ከእንቁላል ሥዕል ጋር ተቀምጧል። እዚያ የሴት ምልክት ነው፤ ግብጽኛ ሴትን በ«ት» ይለያል፤ ግዕዝ «ንጉሥ»ን «ንግሥት» እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በሩቁ ይዛመዳሉ።

አሁን ደርዘን ያህል ምልክት በእጁ አለ። ከካርናክ የተገለበጠ ሌላ ቀለበት አነሣና የሚያውቃቸውን ድምፆች አስገባ፤ ለማያውቃቸው ባዶ ቦታ ተወ። አል፣ ባዶ፣ ሴ፣ ባዶ፣ ትር፣ ባዶ። ባዶዎቹን በ«ክ»፣ በ«ን»ና በ«ስ» ሲሞላቸው «አልክሴንትርስ» ሆነ፤ እስክንድር። እያንዳንዱ አዲስ ስም አዳዲስ ምልክት ይሰጠዋል፤ የተሰጠውም ምልክት በሚቀጥለው ስም ይፈተናል። በዚህ መንገድ እስከ ሮማውያን ቄሣሮች ድረስ ዘለቀ።

ሆኖም እነዚህ ሁሉ ባዕዳን ናቸው። ያንግም ቢሆን ለባዕዳን ስም ድምፅ እንዳለ አልካደም። ጥያቄው ግሪኮች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት ፈርዖኖች ስማቸውን እንዴት ጻፉ የሚለው ነው። በሴፕቴምበር 1822 ዣን ኒኮላ ዩዮ የተባለ አርኪቴክት ከአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ የገለበጣቸው ሥዕሎች ለሻምፖሊዮን ደረሱት፤ ቤተ መቅደሱ ከግሪኮቹ ዘመን እጅግ የሚቀድም ነው። በአንዱ ቀለበት ውስጥ አራት ምልክቶች አሉ። መጀመሪያ ክብ ፀሐይ። ቀጥሎ ሦስት ጭራ አንድ ላይ የታሰረ የሚመስል ምልክት። በመጨረሻ ሁለት የታጠፈ ጨርቅ፤ ይህንን ከፕቶሌማዮስ ስም ያውቀዋል፤ «ስ» ነው።

ፀሐይ በቅብጥኛ «ሬ» ነው። ፀሐይዋ እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ስሟ ብትነበብ «ሬ… ስስ» ይሆናል። መካከሉስ? ያን የታሰረ ምልክት ሻምፖሊዮን በራሺድ ድንጋይ ላይ አይቶታል፤ ግሪክኛው ስለ ንጉሡ የልደት ቀን በሚናገርበት ቦታ። በቅብጥኛ መውለድ «ሚሴ» ነው። ሬ፣ ምስ፣ ስ፤ ራምሴስ። ኦሪት ዘፀአትን ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ እስራኤል በግብጽ ከሠሯቸው ከተሞች አንዷ ራምሴ ትባላለች። ትርጉሙም ወዲያው ወጣ፤ ፀሐይ የወለደው። በሌላ ቀለበት ውስጥ በፀሐይዋ ቦታ ረጅም ቀጭን ምንቃር ያለው አይቢስ የተባለው ወፍ አለ፤ የጽሕፈት አምላክ የቶት ምልክት። ቶት፣ ምስ፤ ቱትሞሲስ። ይህም በጥንት የግሪክ ጸሐፍት የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ያለ ስም ነው።

የቤተሰቡ ታሪክ እንደሚለው ሻምፖሊዮን በሩጫ ወደ ወንድሙ ቢሮ ገብቶ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ጣለ፤ አገኘሁት ብሎ ጮኸና ወለል ላይ ተዘረረ፤ ለቀናትም አልጋ ያዘ። በ27 ሴፕቴምበር ግኝቱን ለፓሪስ ሊቃውንት በደብዳቤ መልክ ሲያነብ ያንግ ራሱ ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ደብዳቤው ጥንቁቅ ነው፤ በአብዛኛው የግሪክና የሮማውያንን ስም ያብራራል። ሙሉውን ሥርዓት የዘረጋው በ1824 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ሥርዓቱ ምን ሆኖ ተገኘ? ከላይ ወዳለፍናት ዝይ እንመለስ። ዝይ «ልጅ» የሆነችው ልጆቿን ስለምትወድ አይደለም። በግብጽኛ የዝይዋ ስምና «ልጅ» የሚለው ቃል በተመሳሳይ ተነባቢ ድምፆች ይጻፋሉ። በአማርኛ ቢሆን «ዋና መንገድ» ለማለት ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ሥሎ ከጎኑ መንገድ እንደመጨመር ነው። ዋናተኛው ከመንገዱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የተፈለገው ድምፁ ነው። «ዋና» ሲጠብቅና ሲላላ አንድ አለመሆኑ ደግሞ ግብጻዊውን አያስጨንቀውም፤ እኛም ስንጽፍ አንለየውም።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ መምታታት ያመጣል፤ ለዚህም መፍትሔ ነበራቸው። በአማርኛ «አለ» ብለን ጽፈን «ተናገረ» ማለታችን ይሁን «ይገኛል» አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ግብጻዊ ጸሐፊ ቢሆን ከመጀመሪያው «አለ» ቀጥሎ እጁን ወደ አፉ የሰደደ ሰው ይሥልበት ነበር። ይህ ሰው አይነበብም፤ ከፊቱ ያለው ቃል ከአፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብቻ ይጠቁማል። ከመሄድ ጋር ለተያያዘ ቃል ሁለት የሚራመዱ እግሮች ይከተላሉ። እንግዲህ በአንድ መስመር ውስጥ አንዱ ሥዕል ድምፅ፣ ሌላው ራሱን ሥዕሉን፣ ሦስተኛው ጥቆማ ሊሆን ይችላል። አከርብላድም ኪርሸርም ሁለቱም የተሳሳቱት ሁሉንም አንድ ዓይነት ለማድረግ ሲሞክሩ ነው።

ሻምፖሊዮን በ1832 በአርባ አንድ ዓመቱ ሲሞት ያላቃናቸው ስህተቶች ነበሩት። ያችን የታሰረች ምልክት «ም» ብቻ አድርጎ ወስዷታል። አንድ ምልክት ሁለትና ሦስት ተነባቢ ሊሸከም እንደሚችል፣ ምልክቷም «ምስ» እንደሆነችና ቀጥሎ ያለው «ስ» ድምፁን ለማስረገጥ የተደገመ እንደሆነ በ1837 ያሳየው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሌፕሲየስ ነው። እስከ ዛሬ ያልተፈታም አለ። ግብጻውያን አናባቢ አይጽፉም ነበር፤ ግዕዝም በኢዛና ዘመን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ተብሎ ከመለየቱ በፊት እንደዚያው ነበር። ለግዕዝ የሚያነበው ሰው ስላልተቋረጠ አናባቢው አልጠፋም። ለግብጽኛ ግን ቅብጥኛ የሚረዳው በከፊል ነው። ስለዚህ በመጻሕፍት የምናያቸው የፈርዖኖችና የንግሥቶች ስሞች ብዙዎቹ ሊቃውንት ለመጥራት እንዲያመቻቸው አናባቢ የሰኩባቸው ናቸው፤ ባለቤቶቹ ቢጠሩበት ላይሰሙ ይችላሉ።

ሻምፖሊዮን ከሞተ በኋላ ለዓመታት ንባቡን የማይቀበሉ ነበሩ። ክርክራቸው መናቅ ያለበት አይደለም። ግሪክኛውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ሂሮግሊፉ ውስጥ የሚፈልገውን ቢያገኝ ምን ያስደንቃል? ፈተናው የሚሆነው ማንም ያላየው፣ ግሪክኛም ያለው አዲስ ድንጋይ ሲገኝ ነው። በ1866 ሌፕሲየስ በሰሜን ግብጽ፣ በጥንታዊቷ ታኒስ ፍርስራሽ፣ በዚሁ በሦስቱ ጽሕፈት የተቀረጸና ምንም ያልተሰበረ ሌላ አዋጅ አገኘ። ይህ በራሺዱ ንጉሥ አያት በሦስተኛው ፕቶሌማዮስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ካኖፐስ ላይ የወጣ ነው። ሂሮግሊፉ በሻምፖሊዮን መንገድ ሲነበብ ከግሪክኛው ጋር ገጠመ፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር እምብዛም አልተገኘም።

ካኖፐስ ላይ የተሰበሰቡት ካህናት ከወሰኗቸው ነገሮች አንዱን ለማመሳከር እኛ ሂሮግሊፍም ግሪክኛም ማወቅ አያስፈልገንም። የግብጽ ዓመት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና አምስት ትርፍ ቀናት ነበሩት። ሩብ ቀን ስለሚጎድለው ወራቱ ከወቅቱ እየራቁ፣ የክረምቱ በዓል ቀስ በቀስ በጋ ላይ ይውል ነበር። ካህናቱ በየአራት ዓመቱ ከአምስቱ ትርፍ ቀናት በተጨማሪ ስድስተኛ ቀን እንዲከበር አወጁ። ትርፎቹን ቀናት ግሪኮቹ ኤፓጎሜናይ ይሏቸዋል፤ እኛ ጳጉሜን እንላቸዋለን። ሕዝቡ ግን አዋጁን አልተቀበለውም። የራሺድ ድንጋይ ከ42 ዓመት በኋላ ሲቀረጽ የወሩ ስም መኺር ነበር፤ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በዚሁ ስም የምትጠራው፣ በእኛ የካቲት የሆነው ወር። ወሩ ያኔም ከወቅት ወቅት እየተንሸራተተ ነበር፤ ስድስተኛዋ ጳጉሜን በሥራ ላይ የዋለችው ግብጽ በሮማውያን እጅ ከገባች በኋላ ነው።